አዲሱ ደብተር ለምን በጥቅምት ይዘጋል?

የዕለት ሽያጩን በየማታው ሊመዘግብ ቆርጦ በመስከረም አዲስ ደብተር የሚገዛ ነጋዴ ብዙ ነው። በጥቅምት ደብተሩ ባንኮኒ ስር አቧራ ለብሶ ይገኛል። ባለቤቱ ስንፍናውን ይወቅሳል፤ ችግሩ ግን ወዲህ ነው። ውሳኔው የሚወሰነው ጠዋት በትኩስ ጉልበት፣ መዝገቡ የሚፈለገው ግን ሱቅ ሲዘጋ፣ ሰውነት ዝሎ ታክሲ ሲታሰብ ነው።

የሚያዋጣው መዝገቡን ከማይቀር ሥራ ጋር ማሰር ነው። ነጋዴ ብሩን ሳይቆጥር አይዘጋም። ደብተሩ ከነእስክሪብቶው በገንዘብ መሳቢያው ውስጥ፣ ከብሩ በላይ ቢቀመጥ፣ እሱን ሳያነሱ መቁጠር አይቻልም፤ ቀስቃሽ ምልክቱ ይኸው ነው። የሚጻፈው ሦስት መስመር ይበቃል፦ ሽያጭ፣ ወጪ፣ ዱቤ። ሽልማቱም እዚያው ይገኝ፤ የዛሬው ከትናንቱ በስንት እንደበለጠ ወይም እንዳነሰ አስልቶ ማየት። "ለግብር ይጠቅማል" የሚለው እውነት ቢሆንም ለዛሬ ማታ ሩቅ ነው።

ስንት ቀን ይፈጃል? የለንደኗ ተመራማሪ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት፣ 96 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ አዲስ ሥራ ሳያስቡት የሚሠራ ልማድ ለመሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ፈጅቷል። እንደ ስሌታቸው ከ18 እስከ 254 ቀን ሊደርስ ይችላል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰም።

የሚያፈርሰው የምልክቱ መጥፋት ነው። ብር ቆጠራው ለተቀጣሪ ከተላለፈ ደብተሩ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል፤ ያኔ ለባለቤቱ ሌላ ምልክት፣ ምናልባት የሱቁ ቁልፍ፣ መፈለግ ግድ ይሆናል።