የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ሪፖርት አጻጻፍ

የመድኃኒት ስህተት ሪፖርት የታየውን፣ የተለካውንና የተደረገውን በጊዜ ቅደም ተከተል ይመዘግባል። በእጅ በተጻፈ ትዕዛዝ ላይ ከ4 ቀጥሎ የሰፈረችው የእንግሊዝኛ «ዩ» ፊደል እንደ ዜሮ ተነብባ፣ 4 ዩኒት ኢንሱሊን 40 ሆኖ ተሰጠ እንበል።

«ነርሷ በግዴለሽነት ከመጠን በላይ ሰጠች» የሚል ዓረፍተ ነገር ፍርድ ነው፤ መጠኑንም ሰዓቱንም አይናገርም። ትክክለኛው አጻጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «በአገር ውስጥ አቆጣጠር ከምሽቱ 2፡10 ሬጉላር ኢንሱሊን 40 ዩኒት ከቆዳ ሥር ተሰጠ። የታዘዘው 4 ዩኒት ነበር። 3፡00 ላይ ታካሚው አላበው፣ እጁም ተንቀጠቀጠ፤ የደም ስኳሩ 52 ሚ.ግ/ዴ.ሊ ነበር። ተረኛው ሐኪም 3፡02 ላይ ተነገረው። በትዕዛዙ 40 በመቶ ግሉኮስ 50 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ተሰጠ። 3፡20 ላይ ስኳሩ 118 ሆነ፤ በየሰዓቱ መለካቱ ቀጥሏል።» በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሰዓቱ በአገር ውስጥ አቆጣጠር ወይም በፈረንጅ መሆኑ ካልተገለጸ ቅደም ተከተሉ ይምታታል።

አስቸጋሪው ክፍል ምክንያቱ ነው። «አሳስታ አነበበች» ግምት ነው። «ትዕዛዙ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ከ4 ቀጥሎ ያለው ፊደል ክብ ሆኖ ይታያል፤ ቅጂው ተያይዟል» ግን ማንም ሊያረጋግጠው የሚችል ነው። ነርሷ የተናገረችው በራሷ ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ ይገባል። ሁለተኛ ባለሙያ መጠኑን አለማረጋገጡም «በሁለተኛ ባለሙያ የተፈረመ ማረጋገጫ አልተገኘም» ተብሎ ይጻፋል። ለታካሚው ወይም ለቤተሰቡ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነገራቸውም ይመዘገባል።