የሥራ ዝርዝር ሲጻፍ ምኞት ከግዴታ ይለይ

የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት የመጋዘን ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ እንበል። ተግባሩ እንዲህ ተዘርዝሯል፦ «ንብረት ይቆጣጠራል፤ የዕቃ እጥረት እንዳይፈጠር ያደርጋል፤ በግዥና በሽያጭ ያግዛል፤ ሌሎች የሚታዘዛቸውን ሥራዎች ይሠራል።»

የዚህ ዝርዝር ጉዳት የሚታየው ሲሚንቶ የጎደለ ዕለት ነው። ማን፣ መቼ መቁጠር ነበረበት? ጉድለቱንስ ለማን ማሳወቅ? ወረቀቱ መልስ የለውም፤ ተጠያቂው ግን ሠራተኛው ይሆናል።

መጀመሪያ «ይቆጣጠራል» የሚለው ወደሚታይ ተግባር ይመንዘር፦ ገቢ ዕቃን ከግዥ ማዘዣውና ከሻጩ ደረሰኝ ጋር አመሳክሮ ቆጥሮ ይረከባል፤ ልዩነት ካገኘ በዚያው ቀን ለሂሳብ ክፍል በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ገቢና ወጪውን በዕለቱ በቢን ካርድ ይመዘግባል፤ በየወሩ መጨረሻ ከሂሳብ ሠራተኛ ጋር ቆጠራ ያደርጋል። አሁን ሥራው መሠራት አለመሠራቱን ካርዱን ገልጦ ማረጋገጥ ይቻላል።

ቀጥሎ ኃላፊነቱ ከሥልጣኑ ጋር ይመዘን። የመጋዘን ሠራተኛ ገንዘብ አይፈቅድም፤ ስለዚህ እጥረት እንዳይፈጠር ዋስ ሊሆን አይችልም። የሚችለው ዕቃው ከተወሰነለት ዝቅተኛ መጠን ሲደርስ በዚያው ቀን የግዥ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ዝቅተኛውን መጠን መወሰንና ግዥውን መፈጸም የሌሎች ድርሻ ነው።

«በግዥ ያግዛል» የሚለው ግን መሰረዝ አለበት። የገዛው ሰው ራሱ ከተረከበ፣ መቶ ከረጢት ተከፍሎበት ዘጠና ቢገባ የሚያውቅ ሌላ ሰው አይኖርም። ገዢና ተረካቢ የሚለያዩት ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ሰዓቱ ይደመር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም። በምሳሌያችን ርክክብ 12 ሰዓት፣ ዕቃ ማውጣት 24፣ ምዝገባ 6፣ ድርደራና ቆጠራ 4 ሰዓት ቢወስዱ ድምሩ 46 ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ደንበኛ ማስተናገድ ሲጨመርበት በስድስት ቀን 64 ይሆናል። ያኔ ወይ ሽያጩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ወይ ምዝገባው ይዘለላል። ካርዱ በሳምንት አንዴ በጅምላ ሲሞላ ካያችሁ፣ የሚዘለለው ምዝገባው መሆኑን እወቁ።

«ሌሎች ሥራዎች» የሚለው ሐረግ ያልታሰበ ነገር ስለማይጠፋ ይቆይ፤ ነገር ግን «ከመጋዘን ሥራ ጋር የተያያዙ» በሚል ይታጠር። አዋጁም የሥራ ውል የሁለቱን ወገኖች መብትና ግዴታ በማያሻማ ሁኔታ እንዲገልጽ ያዝዛል።

ቀጣሪዎች ሆይ፣ ማስታወቂያውን ከመለጠፋችሁ በፊት ሥራውን አሁን ለሚሠራው ሰው አንብቡለት። ሥራ ፈላጊዎችም ከመፈረማችሁ በፊት ስለ እያንዳንዱ ተግባር «መሠራቱ በምን ይታወቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያልተገኘለት ተግባር ከመፈረሙ በፊት ይስተካከል።