ከመጋዘን እስከ ኤክሴል፦ በሥልጠና ቪዲዮ ላይ ጽሑፉ የት ይግባ?

በአዳማ ወይም በባቱ የተመደበ አዲስ የመጋዘን ሠራተኛ ዕቃ ሲረከብ ቆጥሮ የገቢ ደረሰኝ ይጽፋል፤ ቀጥሎም ደረሰኙን ወደ ኤክሴል መዝገብ ያሳልፋል። ይህን የሚያስተምር ቪዲዮ ሲዘጋጅ በመጋዘን የተቀረጸው ሁሉ ከፊት፣ ከኮምፒዩተር ገጽ የተቀረጸው ሁሉ ከኋላ ከሆነ፣ ተመልካቹ ኤክሴሉ ጋ ሲደርስ ደረሰኙን ረስቶታል። ስለዚህ ሁለቱን በየእርምጃው ማፈራረቅ ይሻላል።

120 ጆንያ ስንዴ መጣ፣ 3ቱ ተቀድደዋል እንበል። በቆጠራው ምስል ላይ «የመጣ 120፤ የተቀደደ 3» የሚል ጽሑፍ ይውጣ። ወዲያው የኮምፒዩተሩ ገጽ ይከተል፤ 117 በደህናው፣ 3 በተጎዳው ዓምድ እስኪገባ ድረስ ጽሑፉ ከገጹ ዳር አይነሣ።

ከሁሉ ይልቅ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ቀኑ ላይ ነው። ደረሰኙ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ይላል። ሠራተኛው 5/1/2017 ብሎ ቢያስገባ ኤክሴል ምንም አይቃወምም፤ የአሜሪካ የቀን አጻጻፍ በተመረጠበት ኮምፒዩተር ሜይ 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አድርጎ ይቀበለዋል። ይህ በእኛ ሚያዝያ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ነውና ዛሬ የገባው ስንዴ ሰባት ዓመት ያለፈው ሆኖ ይመዘገባል። 30/6/2016 ቢገባ ደግሞ ሠላሳ የሚባል ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀራል፤ ቀን ሆኖ የተመዘገበው ወደ ቀኝ ሲጠጋ ይህኛው ወደ ግራ በመጠጋቱ ይታወቃል። እንግዲህ እዚህ ላይ ምስሉ ቆሞ የሚከተለው ይነበብ፦

«መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. = 2024-09-15። ዓመቱን አስቀድመው ይጻፉ።»

ዓመቱ ከቀደመ ኤክሴል ወሩን ከቀኑ አያምታታም። ጽሑፉም ድምፅን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ይቆይ።

የኤክሴል የገጽ ስሞችና ድምር ከግርጌ ስለሚገኙ ጽሑፍ በላያቸው ላይ ሲያርፍ ይሸፍናቸዋል። የተቀረጸውን ገጽ ጥቂት አሳንሶ ከሥር ባዶ ቦታ መተው ይበቃል። የቁልፍ ስም ደግሞ እንደሚታየው ይጻፍ፤ ገጹ Save እያለ «አስቀምጥ የሚለውን ይጫኑ» ማለት ሠራተኛውን የሌለ ቁልፍ ያስፈልገዋል።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አማርኛና አፋን ኦሮሞ የሚያነቡ ባልደረቦች አብረው ይሠራሉ። ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ገጽ መደራረብ ግን ምስሉን ያጠፋል፤ ጽሑፉን ከምስሉ ለይቶ አስቀምጦ ሁለት ቅጂ ማውጣት ይቀላል። ለቀረጻው የሚከፈተው መዝገብም የልምምድ ይሁን፤ የተረጂዎች ስም ያለበት ከሆነ ቪዲዮው በደረሰበት ሁሉ ስማቸው አብሮ ይዞራል።

ቪዲዮው ሲያልቅ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ያለ ድምፅ አሳይቶ አንድ ደረሰኝ መስጠት ነው። እጁ የቆመበት ቦታ ጽሑፍ የጎደለበት ነው።