አሁን የጻፍኩት የት ገባ?

በቅርቡ ቀጠሮ የምይዝበት አንድ መተግበሪያ ላይ ስልክ ቁጥሬን ቀየርኩ። «አስቀምጥ» የሚለውን ስነካ «ተቀምጧል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ አለ። ገጹ ተመልሶ ሲከፈት ግን የሚታየው ያው የድሮው ቁጥር ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ጻፍኩና አስቀመጥኩ፤ አሁንም የድሮው። በሽቄ ስልኩን ወርወር አደረግሁት። ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ አዲሱ ቁጥር ምንም እንዳልተፈጠረ ቦታው ላይ ተቀምጧል።

«ተቀምጧል» ያለኝ አልዋሸም። የድሮውን ቁጥር ያሳየኝም አልዋሸም። የተናገሩት ሁለት የተለያዩ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ አንደኛው የሚያውቀውን ሌላኛው ገና አልሰማም ነበር።

ብዙ ተጠቃሚ ያለው አገልግሎት መረጃውን በአንድ ዳታቤዝ ብቻ አያስቀምጥም። አንዱን መሪ ያደርግና ሌሎቹን ተከታይ ያደርጋቸዋል። መጻፍ የሚቻለው መሪው ላይ ብቻ ነው፤ ሁለት ቦታ ቢጻፍ የትኛው ይቅደም የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። ማንበብ ግን ከመጻፍ በብዙ እጥፍ ስለሚበዛ ለተከታዮቹ ይከፋፈላል። መሪው የተለወጠውን ሁሉ በቅደም ተከተል መዝግቦ ይልክላቸዋል፤ እነሱም በዚያው ቅደም ተከተል በየራሳቸው ቅጂ ላይ ያሰፍራሉ። መሪው ግን ብዙውን ጊዜ ተከታዮቹን አይጠብቅም። ራሱ ከመዘገበ በኋላ «ተቀምጧል» ይልሃል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ለውጡ ተከታዩ ቅጂ ላይ እስኪሰፍር ያለው ጊዜ ነው መዘግየት የሚባለው። አብዛኛውን ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያጥራል፤ የሚያስቸግረው ግን ልክ በዚያች ቅጽበት ገጹን መልሰህ ስትከፍት ነው።

ፌስቡክ ይህን ችግር የተጋፈጠበት መንገድ ነሐሴ 2008 (እ.ኤ.አ.) አንድ የኩባንያው መሐንዲስ በጻፈው ጽሑፍ ላይ ተዘርዝሯል። ቀድሞ የኩባንያው ሰርቨሮች ካሊፎርኒያ ነበሩ። ከዚያ ለምሥራቅ አሜሪካና ለአውሮፓ የሚቀርብ ሁለተኛ ማዕከል ቨርጂኒያ ላይ ተከፈተ። መሪዎቹ ዳታቤዞች ካሊፎርኒያ ቀሩ፤ ቨርጂኒያ ተከታዮች ተቀመጡ። በሁለቱ የአገሪቱ ዳርቻዎች መካከል መልእክት ደርሶ ለመመለስ 70 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አንዲት ገጽ ለመሥራት ዳታቤዙ ደጋግሞ ስለሚጠየቅ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አገሪቱን ማቋረጥ አይታሰብም። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያነበበው ከራሱ ቅጂ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ዳታቤዙ እንዳይጨናነቅ በፊቱ ሜምካሽ የሚባል ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ ይቀመጣል። አንድ ሰው ስሙን ቀየረ እንበል። አዲሱ ስም ካሊፎርኒያ ተጻፈ፤ የድሮው ስም ከቨርጂኒያ ማስታወሻም ወዲያው ተሰረዘ። ለውጡ ግን ቨርጂኒያ ካለው ተከታይ ዳታቤዝ ገና አልደረሰም። በዚያች ክፍተት አንድ ጓደኛው ገጹን ቢከፍት፣ ማስታወሻው ባዶ ስለሆነ ስሙ ከተከታዩ ይነበባል፤ የተነበበው የድሮ ስም ደግሞ ተመልሶ ማስታወሻው ላይ ይጻፋል። ትንሽ ቆይቶ ተከታዩ አዲሱን ስም ይቀበላል፤ ማስታወሻውን ግን ከእንግዲህ የሚሰርዝ የለም። የሚሊሰከንዶች መዘግየት የሰዓታት ስህተት ሆነ ማለት ነው። መሐንዲሶቹ መፍትሔ ያደረጉት የ«ሰርዝ» ትእዛዙ ከለውጡ ጋር አብሮ እንዲጓዝ ነበር። ተከታዩ አዲሱን ስም ሲያሰፍር ማስታወሻውንም በዚያው ያጸዳል፤ ቀድሞ የሚሮጥ ትእዛዝ አይኖርም።

ይህ ጓደኛውን ይጠቅማል፤ ስሙን የቀየረው ሰው ራሱ ግን ያን ያህል እንኳ አይታገስም። ለእሱ የተበጀው ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ነገር በጻፍክ ቁጥር ሰዓቱ ብራውዘርህ ውስጥ ኩኪ በሚባል ትንሽ ምልክት ይቀመጣል። ጥያቄ አከፋፋዩ ሰርቨር ይህን ምልክት አይቶ፣ ከጻፍክ 20 ሰከንድ ካልሞላህ በቀጥታ ወደ ካሊፎርኒያ ይልክሃል። ከዚያ በኋላ ለውጡ ደርሷል ተብሎ ስለሚገመት ወደ ቅርብህ ትመለሳለህ። ተከታዩ አንዲት ቅጽበት እንኳ አልፈጠነም፤ አሁን የጻፈው ማን እንደሆነ ብቻ ተለየ።

ዘዴው የተመሠረተው ግን በግምት ላይ ነው። የዚያን ዘመን ማይኤስኪውኤል መሪው ላይ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ያካሂዳል፤ ተከታዩ ላይ ግን ለውጦችን የሚያሰፍረው አንድ በአንድ ነበር። አንድ ሠራተኛ አሮጌ መረጃ ለማጽዳት መሪው ላይ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ስረዛ አካሄደ እንበል። መሪው እየሰረዘ የሌሎችን ሥራ ይቀጥላል። ስረዛው ተከታዩ ዘንድ ሲደርስ ግን እዚያም አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ ከኋላው የመጣው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። በዚህ መሃል ስምህን ብትቀይር 19ኛው ሰከንድ ላይ አዲሱን ስም ከካሊፎርኒያ ታነባለህ። 21ኛው ሰከንድ ላይ ምልክቱ አልፎበታል፤ ቨርጂኒያ የድሮውን ስም ያሳይሃል። መጀመሪያ አዲሱን፣ ቀጥሎ አሮጌውን! ኩኪው ያለው ደግሞ በጻፍክበት ብራውዘር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፒውተር ላይ ቀይረህ ስልክህ ላይ ብትከፍት ከመጀመሪያውም አይረዳህም።

ባለሙያ ተከታዩ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ለማወቅ ዛሬ ማይኤስኪውኤልን እንዲህ ይጠይቃል፦

```
SHOW REPLICA STATUS\G
```

ከሚመጣው መልስ ውስጥ `Seconds_Behind_Source` የሚለው የመዘግየቱን ሰከንድ ይናገራል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ቁጥሩ የሚያሳየው ተከታዩ ከተቀበለው ውስጥ ገና ያላሰፈረውን ነው። መስመሩ ተጨናንቆ ለውጦቹ ጭራሽ ካልደረሱት፣ ያልደረሰውን ስለማያውቅ 0 ሊል ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያዎች መሪው ላይ በየሰከንዱ ሰዓት ይጽፉና ያንኑ ሰዓት ተከታዩ ላይ ያነባሉ። የሁለቱ ልዩነት እውነተኛው መዘግየት ነው።

ከ20 ሰከንዱ ግምት የሚሻለው መንገድ የለውጡን ተራ ቁጥር መያዝ ነው። መሪው «ተቀምጧል» ሲል የለውጡን መለያ አብሮ ይሰጣል። ቀጣዩ ንባብ ተከታዩን «እዚህ ቁጥር ላይ ደርሰሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልደረሰ ጥቂት ይጠብቃል ወይም ወደ መሪው ይሄዳል። ተከታዮቹ ሳያሰፍሩ «ተቀምጧል» አይባል የሚልም አማራጭ አለ፤ ያኔ ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ በጣም ቀርፋፋውን ተከታይ ይጠብቃል፤ አንዱ ከወደቀም መጻፉ ሊቆም ይችላል።

የእኔ ነገር በሰላም አለቀ፤ አንድን ስልክ ቁጥር ሁለቴ መጻፍ የሚያበላሸው ነገር የለም። የያዝኩት ቀጠሮ አልታይ ብሎኝ ደግሜ ይዤ ቢሆን ኖሮ ግን በስሜ ሁለት ቀጠሮ ይኖር ነበር። ከዚያ ወዲህ «ተቀምጧል» ካለኝ በኋላ አሮጌው ቢታየኝ እጄን ሰብስቤ ጥቂት ቆይቼ ገጹን እንደገና እከፍታለሁ እንጂ ደግሜ አልጽፍም።