ሠላሳ ሰከንድ ለአንድ ዳቦ ቤት

የማስታወቂያ ስክሪፕት ሁለት ዓምድ አለው። በአንዱ የሚታየው፣ በሌላው የሚሰማው ይጻፋል፤ በጎን ደግሞ ሰከንዱ ይሰፍራል። አዳማ መነኸሪያ ፊት ለፊት ያለ ትንሽ ዳቦ ቤት ቢያስነግር ስክሪፕቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

| ሰከንድ | ምስል | ድምፅ |
|---|---|---|
| 0–4 | ጨለማ፤ የምድጃ በር ይከፈታል | የበሩ ድምፅ ብቻ |
| 4–10 | ጋጋሪው ዳቦውን ያወጣል | አዳማ ገና ሳትነቃ፣ እዚህ ሊጡ ኩፍ ብሏል። |
| 10–18 | ዳቦ ሲቆረስ፣ እንፋሎቱ | ጠዋት 12 ሰዓት፣ አመሻሽ 11 ሰዓት፣ ሁለቴ ትኩስ። |
| 18–24 | የባጃጅ ሹፌር ዳቦ ይቀበላል | የባጃጅ ድምፅ |
| 24–30 | የቤቱ ስም፣ ስልክ ቁጥር | (ስም) ዳቦ ቤት፣ ከመነኸሪያው ፊት ለፊት። |

አማርኛ አንድ ሙሉ ሐሳብ በአንድ ቃል ስለሚጠቀልል ንባቡን በቃል ብዛት መለካት ያሳስታል። በፊደል መቁጠር ይሻላል። ዝግ ላለ ንባብ በሰከንድ አምስት ፊደል ገደማ ብሎ መነሳት ይቻላል፤ ግምት ነው፣ የመጨረሻው ዳኛ የሰዓት መቁጠሪያ ነው። ቁጥሮች ሲነበቡ እንደሚረዝሙም አይዘነጋም፤ «12» ወረቀት ላይ ሁለት ምልክት፣ አፍ ላይ ግን ስድስት ፊደል ነው።

ሦስተኛው መስመር መጀመሪያ «ጠዋት 12 ሰዓት አንዴ፣ አመሻሽ 11 ሰዓት ደግሞ እንደገና ከምድጃ ይወጣል» ተብሎ ቢጻፍ 44 ፊደል ይሆናል። ይህ ዘጠኝ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ የተሰጠው ግን ስምንት ነው። አንባቢን ማስቸኮል ያጓጓል፣ ውጤቱ ግን የጨረታ ማስታወቂያ ይመስላል። «ከምድጃ ይወጣል» ምስሉ የሚያሳየው ስለሆነ ይቀራል፣ «አንዴ» እና «ደግሞ እንደገና» በ«ሁለቴ ትኩስ» ይተካሉ፤ መስመሩም ወደ 31 ፊደል ይወርዳል፣ ከስድስት ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። እንዲህ ሲሆን ንግግሩ በጠቅላላው የሠላሳውን ሰከንድ ግማሽ ገደማ ብቻ ይይዛል፤ ቀሪው ለምድጃው፣ ለቅርፊቱና ለባጃጁ ድምፅ ነው።

ስልክ ቁጥር በድምፅ መነገር የለበትም። አሥሩ አሃዝ ሲነበብ ስድስት ሰከንድ ያህል ይበላል፣ ማንም አይይዘውም። በጽሑፍ ይታያል፤ የሚነገረው የቤቱ ስምና ሰው መንገድ የሚጠይቅበት ምልክት ነው።

ሰው በካሜራ ፊት እንዲናገር ያልተደረገውም በምክንያት ነው። አዳማ ውስጥ ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞም መነገር ይኖርበታል፤ ከከንፈር ጋር መግጠም ያለበት ንግግር ከሌለ በዚያው ምስል ላይ ሌላ ድምፅ መቅዳት ይበቃል። ሰዓቱ ግን ለዚያኛው ቋንቋ እንደገና ይለካል።

ለቀረጻ አስቸጋሪው እንፋሎቱ ነው። በአዳማ የቀን ሙቀት ብዙም አይታይም። ጎህ ሲቀድ፣ ከበስተጀርባ ጨለማ አድርጎ ብርሃኑን ከኋላ መልቀቅ ያወጣዋል። «አመሻሽ 11 ሰዓት» የተባለው ዳቦም በእርግጥ በዚያ ሰዓት መውጣት አለበት፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ጣቢያው የሚሸጠው ልክ ሠላሳ ሰከንድ ነው። ከዚያ የተረፈ ቢቆረጥ የሚሄደው መጨረሻው፣ ማለትም ስሙና አድራሻው ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ቃል በ29ኛው ሰከንድ ላይ ማለቅ አለበት።