መብራት ሲመጣ ዝም የሚል ኤክስቴንደር

ፒያሳና አራዳ ውስጥ በድሮ ቤቶች ክፍል የተከራያችሁ ተማሪዎች ይህን ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ አከራዮቹ ሳሎን ያለው የራውተር ዋይፋይ ጓሮ ክፍል ሲደርስ ይደክማል፤ ስለዚህ መሃል ላይ ኤክስቴንደር ይሰካል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ስልካችሁ የኤክስቴንደሩን ስም በሙሉ ሲግናል እያሳየ ኢንተርኔት የለም ይላል፤ አንዳንዴም ስሙ ጭራሽ ይጠፋል። አሳይመንት የሚገባው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ብዙ ጊዜ ዕቃው አልተበላሸም። መብራት ሲመጣ ሁለቱም እኩል ይነሳሉ፤ ራውተሩ ግን ከመስመሩ ጋር እስኪገናኝ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ቀድሞ የተነሳው ኤክስቴንደር ራውተሩን ፈልጎ ያጣዋል። ደጋግሞ የሚሞክር አለ፤ አንዳንዱ ግን እዚያው ደርቆ ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ፦

1. ሁለቱንም ከሶኬት ንቀሉ።
2. ራውተሩን ብቻ ሰክታችሁ 3 ደቂቃ ያህል ጠብቁ።
3. ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ በስልክ ሞክሩ። እዚያም ኢንተርኔት ከሌለ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ ኤክስቴንደሩን አትንኩት።
4. ራውተሩ ከሠራ ኤክስቴንደሩን ሰክታችሁ 2 ደቂቃ ጠብቁ።

አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይመለሳል። ካልተመለሰ ብቻ ወደ ሪሴት ሂዱ፤ ምክንያቱም ሪሴት የተቀመጠውን የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል በሙሉ ያጠፋል። ከመጀመራችሁ በፊት የራውተሩን የይለፍ ቃል ከአከራያችሁ ጠይቃችሁ ያዙ። ሪሴት የምታደርጉት ኤክስቴንደሩን እንጂ ራውተሩን አይደለም፤ ራውተሩ ሪሴት ከተደረገ የቤቱ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ሊያጣ ይችላል።

በብዛት የሚገኘውን የቲፒሊንክ ዕቃ ምሳሌ እናድርግ። ኤክስቴንደሩን ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ሰኩት። Reset የሚለውን ቀዳዳ መብራቶቹ ብልጭ እስኪሉ ድረስ በመርፌ ተጫኑና እስኪነሳ ጠብቁ። ራውተሩ ላይ WPS የሚል ቁልፍ ካለ እሱን ተጫኑ፤ 2 ደቂቃ ሳያልፍ የኤክስቴንደሩንም ተጫኑ። ቁልፉ ከሌለ ወይም ከተዘጋ የስልካችሁን ዳታ አጥፉ፤ አለበለዚያ ገጹ ላይከፈት ይችላል። ከዚያ TP-Link_Extender ከሚለው ዋይፋይ ጋር ተገናኝታችሁ ብራውዘር ላይ ይህን ጻፉ፦

```
http://tplinkrepeater.net
```

የራውተሩን ስም መርጣችሁ የይለፍ ቃሉን አስገቡ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ እዚህ ላይ ከተሳሳተ ኤክስቴንደሩ ስሙን እያሰራጨ ኢንተርኔት አይሰጥም።

ከተገናኘ በኋላ ነቅላችሁ ወደ መሃል ቦታው መልሱት። የሲግናል መብራቱ ቀይ ከሆነ ወይም ካልበራ ከራውተሩ ርቋል ማለት ነው፤ አንድ ሶኬት ወደ ራውተሩ አቅርቡት። ሲግናል በማይደርስበት ክፍል የተሰካ ኤክስቴንደር የሚያሰራጨው ነገር የለውም።

ከእንግዲህ መብራት ሲጠፋ ኤክስቴንደሩን ንቀሉት፤ የምትመልሱት ራውተሩ ከተነሳ በኋላ ይሁን።