ከፍርድ ቤት በፊት፦ ለበላይ አካል ይግባኝ ማለትና ውሳኔውን ለሰጠው መሥሪያ ቤት የክለሳ ጥያቄ ማቅረብ

በአንድ የአስተዳደር ውሳኔ ቅር የተሰኘ ባለጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት በአስተዳደሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት መንገድ አለው። አንደኛው ውሳኔውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ጉዳዩን ደግሞ እንዲያይ መጠየቅ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የውስጥ ክለሳ ብለን እንጠራዋለን። ሁለተኛው ውሳኔውን ከሰጠው አካል በላይ ሥልጣን ላለው አካል ይግባኝ ማለት ነው። በአብዛኛው ባለጉዳይ ዘንድ ሁለቱም «ቅሬታ» ወይም «አቤቱታ» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። በሕግ ፊት የሚያስከትሉት ውጤት ግን አንድ አይደለም። በተለይም በቀን አቆጣጠር ረገድ ያለው ልዩነት የብዙ ባለጉዳዮችን መብት ሲያሳጣ ይታያል።

ልዩነቱን በግልጽ የሚያሳየው የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚነሳ የካሳ ክርክር ነው። ደብረ ማርቆስን የመሰሉ ከተሞች በሰፉ ቁጥር በዙሪያቸው ያለው የእርሻ መሬት ወደ ከተማው ክልል ስለሚገባ፣ ጉዳዩ ለምሥራቅ ጎጃም አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። ከዚህ በታች የቀረበው ምሳሌ ለማሳያ የተዘጋጀ እንጂ የአንድ የተወሰነ ሰው ጉዳይ አይደለም።

አንዲት አርሶ አደር ከከተማው ጥግ የሚገኝ የጤፍ ማሳቸው ለመንገድ ሥራ እንዲለቀቅ የሚያዝ ደብዳቤ ጥር 12 ቀን ደረሳቸው እንበል። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው የካሳ ስሌት ያለፉትን ሦስት ዓመታት ገቢ 38,000፣ 52,000 እና 45,000 ብር ብሎ መዝግቧል። ባለሙያው የሦስቱን አማካይ 45,000 ብር ወስዶ በ15 በማባዛት 675,000 ብር አስቀምጧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ግን ምትክ መሬት ሳይሰጥ የገጠር መሬት በቋሚነት ሲለቀቅ የሚከፈለው የልማት ተነሺ ካሳ ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲታሰብ ነው የደነገገው። በዚህ ስሌት 52,000 በ15 ሲባዛ 780,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 105,000 ብር ነው። አማካይ ገቢን መያዝ የአምስት ዓመት አማካይ በ10 እንዲባዛ ያዝ ከነበረው ከቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 የተረፈ ልማድ ሊሆን ስለሚችል፣ ማንኛውም ተነሺ የስሌቱን ወረቀት ሲቀበል አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው ነጥብ ይኸው ነው።

እኚህ ባለይዞታ ስሕተቱን እንዳዩ በመጀመሪያ የሚያስቡት ስሌቱን ወደ ሠራው ጽሕፈት ቤት መመለስ ነው። ይህ ተገቢ እርምጃ ነው። የውስጥ ክለሳ የሚጠቅመው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነውና። የቁጥር ስሕተት፣ የተዘለለ ዛፍ፣ በመለካት የጎደለ ካሬ ሜትር ወይም የተሳሳተ ስም ሲያጋጥም፣ መዝገቡ በእጁ ያለው ባለሙያ በአንድ ቀን ሊያስተካክለው ይችላል። ክለሳውን የሚያየው ያው ባለሙያ፣ የእርሱ የሥራ ባልደረባ ወይም በዚያው መሥሪያ ቤት የተቋቋመ የቅሬታ ክፍል ሊሆን ይችላል። በየትኛውም ሁኔታ ውሳኔው ከተሰጠበት መሥሪያ ቤት አይወጣም። ጥቅሙም ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። መሥሪያ ቤቱ ስሕተቱን ለማረም ፈቃደኛ ከሆነ ፈጣን ነው። በአቋሙ ከጸና ግን ባለጉዳዩ ያንኑ መልስ በሌላ ደብዳቤ ከመቀበል ያለፈ የሚያገኘው የለም።

እንግዲህ በምሳሌያችን የተጠቀሱት እናት ጥር 15 ቀን የክለሳ ማመልከቻ አስገቡ። «በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ» ተባሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ የካቲት 20 ቀን «ስሌቱ ትክክል ነው» የሚል ምላሽ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ቅሬታ ሰሚው አካል ቢሄዱ የሚሰሙት ቀኑ እንዳለፈ ነው። አዋጁ ቅሬታ የሚቀርበው የማስለቀቂያው ትእዛዝ በደረሰ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲሆን ይደነግጋል፤ 30ኛው ቀን የካቲት 12 ነበር። ቆጠራው የሚጀምረው ትእዛዙ ከደረሰበት ቀን እንጂ ጽሕፈት ቤቱ ለክለሳው ጥያቄ መልስ ከሰጠበት ቀን አይደለም። በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የባከነው ጊዜ ከባለጉዳዩ 30 ቀናት ላይ የተቀነሰ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው አካሄድ ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን መሄድ ነው። ጥር 15 ቀን የክለሳው ማመልከቻ ይገባል፤ የካቲት 12 ከመድረሱ በፊት ደግሞ፣ ከጽሕፈት ቤቱ መልስ ቢገኝም ባይገኝም፣ ለቅሬታ ሰሚው አካል የተለየ ማመልከቻ ይቀርባል። ጽሕፈት ቤቱ በመካከሉ ስሕተቱን ካረመ ማመልከቻውን ማንሳት ይቻላል፤ ካላረመም መብቱ እንደተጠበቀ ይቆያል።

በአዋጁ መሠረት ቅሬታ ሰሚው አካል ጉዳዩን አጣርቶ በ30 ቀናት ውስጥ ይወስናል። ውሳኔው ያላረካው ወገን በጽሑፍ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያቀርባል፤ ጉባኤውም እንዲሁ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል። ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚኬደው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ለዚህም 30 ቀናት ተሰጥተዋል። የምሥራቅ ጎጃም ከፍተኛ ፍርድ ቤት መቀመጫ ደብረ ማርቆስ ነው። ለፍርድ ቤት ይግባኝ የሚያቀርበው ተነሺ ይዞታውን ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያያይዝ ስለሚጠየቅ፣ ይግባኙ ሥራውን ያስቆመዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በፍርድ ቤቱ የሚቀጥለው ክርክር በዋናነት የካሳ ክርክር ይሆናል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ የተደረገበት በመሆኑ፣ ባለጉዳዩ የደረሰውን ትእዛዝ የሰጠው አካል በዚያ ቀን በሥራ ላይ ያለውን የቀን ገደብና የቅሬታ ሰሚውን አድራሻ በጽሑፍ እንዲገልጽለት መጠየቅ ይኖርበታል።

በዚህ ተዋረድ ውስጥ የበላዩ አካል ከክለሳ ሰጪው የሚለየው በሥልጣኑ ነው። የበታቹን ውሳኔ ሊያጸና፣ ሊሽር ወይም ሊያሻሽል ይችላል። ክለሳ የሚጠይቅ ሰው «ስሕተታችሁን አርሙ» ይላል፤ ይግባኝ የሚል ሰው ግን «ውሳኔያቸው ይሻርልኝ» ይላል። ማመልከቻውም በዚሁ ልክ ሊጻፍ ይገባል። ለይግባኝ ሰሚው የሚቀርብ ወረቀት «ጉዳዬ ደግሞ ይታይልኝ» ብቻ ካለ፣ አካሉ ምን እንዲወስን እንደተጠየቀ አይታወቅም። የተሻለው አጻጻፍ የውሳኔውን ቁጥርና ቀን፣ የደረሰበትን ቀን፣ የተሳሳተውን ነጥብና የሚፈለገውን ውጤት የሚጠቅስ ነው። በምሳሌያችን «ካሳው በ45,000 ብር አማካይ ገቢ የተሰላ ሲሆን ሕጉ ግን ከፍተኛው ገቢ እንዲያዝ ስለሚል፣ በ52,000 ብር ተሰልቶ 780,000 ብር እንዲሆን እጠይቃለሁ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ከሦስት ገጽ ምሬት የበለጠ ይሠራል።

ከፍርድ ቤትም የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ፍርድ ቤት በአብዛኛው የሚመረምረው አስተዳደሩ ሕጉን መከተሉን ነው። የበላይ አካል ግን ውሳኔው ሕጋዊ ቢሆንም እንኳ ተገቢ መሆኑን፣ መሬቱ በትክክል መለካቱን፣ የጤፉ ዋጋ በየትኛው ገበያ መያዙን ሊያይ ይችላል። እንዲህ ያለው የፍሬ ነገር ጉዳይ በዚህ ደረጃ ካልተነሳ ኋላ ለማንሳት ያስቸግራል። ስለዚህ የምስክሮች ስም፣ የመሬቱ የይዞታ ደብተርና የልኬቱ ወረቀት ፍርድ ቤት እስኪደረስ ሳይቆዩ ለቅሬታ ሰሚው መቅረብ አለባቸው።

የብዙዎች ስሕተት የሚታይበት ሌላም ቦታ አለ። በሕግ የተዘረጋውን ተዋረድ ትቶ በቀጥታ ወደ ዞን አስተዳደር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ በአካባቢያችን የቆየ ልማድ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን የተቃወሙ የጎጃም ገበሬዎች አቤት ለማለት እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ድረስ ወኪሎቻቸውን ልከዋል፤ በጊዜው ከጠቅላይ ግዛቱ ገዥ በላይ ሌላ የሚሰማ አልነበራቸውምና። ዛሬ ግን ሕጉ ለአንድ ጉዳይ ቅሬታ ሰሚና ይግባኝ ሰሚ በስም ጠቅሶ ካቋቋመ፣ ለሌላ ባለሥልጣን የሚላክ ደብዳቤ አቤቱታ እንጂ ይግባኝ አይደለም። ባለሥልጣኑ በጎ ፈቃድ ካለው «ይታይላቸው» ብሎ ወደ ታች ይመራዋል፤ የ30 ቀኑን ቆጠራ ግን አያቆመውም። «የበላይ አካል» ማለት ሕጉ የሾመው አካል እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው ሹም ማለት አይደለም። የይግባኝ ተዋረድ በተለየ ሕግ ባልተወሰነባቸው ጉዳዮች ግን ማመልከቻው ለወሳኙ የቅርብ አለቃ ይቀርባል፤ እርከን መዝለል በአብዛኛው ወረቀቱ ወደ ኋላ እንዲመለስ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

ስለ ቀኑ አቆጣጠር አንድ ነገር እንጨምር። ወሮቻችን 30 ቀን በመሆናቸው፣ ትእዛዝ በደረሰበት ማግስት ሲቆጠር 30ኛው ቀን በሚቀጥለው ወር በተመሳሳይ ቀን ላይ ይውላል፤ ጥር 12 የደረሰ የካቲት 12 ያበቃል። ጳጉሜን በመካከል ሲገባ ግን ይህ አይሠራም። ነሐሴ 10 የደረሰ ትእዛዝ ገደቡ መስከረም 10 ሳይሆን መስከረም 5 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት ደግሞ መስከረም 4 ይሆናል።

ማመልከቻ የሚገባው በመዝገብ ቤት በኩል ነው። ባለጉዳዩ በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ አንዱን ሲያስረክብ፣ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት ማህተም እንዲያርፍበት ማድረግ አለበት። ማመልከቻውን በቃል ብቻ የተቀበለ ወይም «አስቀምጡት» ያለ ሠራተኛ ኋላ ቀኑን ሊያስታውስ አይችልም። ማህተም መምታት እምቢ ከተባለ ማመልከቻውን በፖስታ በአደራ ደብዳቤ ልኮ የተላከበትን ደረሰኝ መያዝ ይቻላል።